አሮጌው ውሻ ሲያጉረመርም ዱላ አታንሱ

ዛሬ ስለ ማዳበሪያም ስለ ዘርም አልጽፍም። ስለ ውሻ ነው የምጽፈው። በተለይ አሮጌ ውሻ ባለበት ግቢ አዲስ ቡችላ ስለማስገባት።

«ለውሻ ደግሞ ምን ምክር ያስፈልገዋል?» የምትሉ እንዳላችሁ አውቃለሁ። እሺ፣ እስቲ አስቡት። በቆሎው እሸት ሲይዝ ሌሊት ሌሊት የሚጠብቅላችሁ ማነው? ከዘጌ እስከ ሐሙሲት ባለው የጣና ዳር ጉማሬው ሲጨልም ከሐይቁ ወጥቶ ወደ ማሳ ይገባል። ጃርቱ ሥር ይቆፍራል፤ ጅቡ በረት ዙሪያ ያንዣብባል። ቀድሞ ሰምቶ የሚቀሰቅሳችሁ ያው ውሻችሁ ነው። ውሻው ሲያረጅ ጆሮው ይደክማል፣ እንቅልፉ ይከብዳል፤ ስለዚህ ተተኪ ቡችላ ታመጣላችሁ። ሐሳቡ ትክክል ነው። የምቃወመው አገባቡን ነው።

እኛ ዘንድ ቡችላ እንዴት ነው የሚገባው? ከጎረቤት በጆንያ ወይም በጋቢ ተጠቅልሎ ይመጣል። ከዚያ የታሰረው አሮጌ ውሻ ፊት ዱብ ይደረጋል። «ተዋቸው፣ ይለማመዳሉ» ይባላል። አሮጌው ያጉረመርማል። ባለቤቱ ዱላ ያነሳና «ዝም በል!» ብሎ ያሳርፍበታል። ማታ ላይ ለሁለቱም በአንድ ጣሳ ፍርፋሪ ይደፋል። በሦስተኛው ቀን ቡችላው አንገቱ ተበስቶ ሲገኝ ደግሞ «ይሄ ውሻ ምቀኛ ነው» ይባላል።

ምቀኛ አይደለም። ያጣላናቸው እኛ ነን፤ በሦስት ነገር ነው ያጣላናቸው፦ በዱላው፣ በገመዱ እና በጣሳው። አንድ በአንድ እንያቸው።

ዱላው

ማጉረምረም ጠብ አይደለም። ማጉረምረም «ተጠጋህብኝ፣ ራቅ በል» የሚል ንግግር ነው። ውሻ ከመንከሱ በፊት ብዙ ነገር ይናገራል። መጀመሪያ ፊቱን ያዞራል። ሳይርበው ከንፈሩን ይልሳል፣ እንቅልፍ ሳይመጣበት ያዛጋል። ያ ካልተሰማለት ሰውነቱን ያደርቃል። ከዚያ ያጉረመርማል፣ ጥርሱን ያሳያል፣ አየሩን ቀጭ ያደርጋል። ንክሻ የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው።

እናንተ ባጉረመረመ ቁጥር ብትመቱት ምን ይማራል? ቡችላውን መውደድ አይማርም። የሚማረው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ «ይሄ ትንሽ ነገር አጠገቤ በመጣ ቁጥር ዱላ ይመጣል» ብሎ ቡችላውን ከሕመም ጋር ያያይዘዋል። ሁለተኛ፣ ማጉረምረሙን ይተዋል። ስታዩት የተሻለው ይመስላችኋል፤ «ገራሁት» ትላላችሁ። ግን ንዴቱ እንዳለ ነው፣ የጠፋው ማስጠንቀቂያው ብቻ ነው። «ምንም ድምፅ ሳያሰማ ድንገት ነከሰው» የሚባለው ውሻ ብዙ ጊዜ ድምፅ እንዳያሰማ የተገረፈ ውሻ ነው።

ታዲያ ሲያጉረመርም ምን ይደረግ? ቡችላውን አንሱት ወይም ጠርታችሁ አርቁት። በቃ። አሮጌው መልእክቱ እንደተሰማ ያውቃል፤ በሚቀጥለው ጊዜ ድምፁን ከፍ ማድረግ አያስፈልገውም። ቡችላውም ያ ድምፅ ምን ማለት እንደሆነ ይማራል።

እንዲያውም ጤነኛ አሮጌ ውሻ ቡችላን ሥርዓት ማስተማሩ ጥሩ ነው። ቡችላው ጆሮውን ሲስበው አንዴ «እርር!» ይለዋል፣ ቡችላው ይጮኽና ይመለሳል፣ አሮጌውም ወዲያው ይተወዋል። አንዳንዴ በአፉ መሬት ላይ ይጫነዋል፤ ሲለቀው ቁስል የለም። ይሄ ትምህርት ነው፣ አትግቡበት። መግባት ያለባችሁ አሮጌው ዝም ብሎ ሲደርቅ፣ ጅራቱን ወደ ላይ አቁሞ ሳይወዛወዝ ሲቀር፣ ዓይኑን ቡችላው ላይ ተክሎ ሲቀር፣ የጀርባው ፀጉር ሲቆም ነው። ወይም ደግሞ ቡችላው እየጮኸ አልለቅ ሲለው። ከጩኸቱ ይልቅ ዝምታውን ፍሩ።

ገመዱ

ቀን ቀን ውሻ ማሰር የተለመደ ነው። እንግዳ ይመጣል፣ ልጆች አሉ፤ ምክንያቱ ይገባኛል። ግን የታሰረ ውሻ አንድ ነገር ተነጥቋል፤ መሄድ አይችልም። ያልታሰረ ውሻ ቡችላ ሲያሰለቸው ተነስቶ ከጎተራው ሥር ሄዶ ይተኛል፤ ነገሩ እዚያ ያበቃል። የታሰረው ግን ገመዱ ሲያልቅ ምርጫውም ያልቃል። ቡችላው ይመጣል፣ ጅራቱን ይነክሳል፣ ይሄዳል፣ ደግሞ ይመጣል። ታስሮ የሚቀርለት ጥርሱ ብቻ ነው።

ከዚህ የሚብሰው ደግሞ ቡችላው ገና በአንድ ወሩ ከእናቱ ተነጥሎ ከመጣ ነው። ቡችላ ቢያንስ ሁለት ወር እስኪሞላው ከእናቱና ከወንድሞቹ ጋር መቆየት አለበት። እዚያ ነው ሲጫወት አጥብቆ ከነከሰ ጨዋታው እንደሚቋረጥ፣ እናቱ ስታጉረመርም መራቅ እንዳለበት የሚማረው። በአንድ ወሩ የመጣ ቡችላ የውሻን ቋንቋ ሳይማር የመጣ ነው። አሮጌው «ራቅ በል» ሲለው አይገባውም፤ ተመልሶ ይሄድበታል። ጎረቤታችሁ «አሁኑኑ ውሰዱልኝ» ቢላችሁም እስከ ሁለት ወሩ ድረስ ታገሡ። ከፈለጋችሁ ለእናቲቱ ትንሽ ምግብ አቀብሉ፤ አትከስሩም።

ውሻውን ማሰር የግድ ከሆነባችሁ ይህን አድርጉ። ገመዱን እስከ ጫፉ ወጥራችሁ ዙሪያውን እየዞራችሁ መሬቱ ላይ በአመድ መስመር አስምሩ። ገመዱ 3 ሜትር ከሆነ ክቡ ከዳር እስከ ዳር 6 ሜትር ይሆናል። ከመስመሩ አንድ ትልቅ እርምጃ ጨምሩበት፤ ውሻ ሲዘረጋ ከገመዱ ያልፋልና። ያ ክብ የአሮጌው ቤት ነው። ቡችላው እዚያ ውስጥ አይገባም፤ የቡችላው ምግብም፣ ውኃም፣ መኝታም ከክቡ ውጭ ይሁን። አመዱ ቡችላውን አያቆመውም፤ አመዱ ለእናንተና ለልጆቻችሁ ነው። ቡችላውን የሚያቆመው የእሾህ አጥር ወይም የጥጃ ጋጣ ነው። ጋጣው ባዶ ከሆነ ለሁለት ሳምንት ለቡችላው ስጡት፤ የታችኛውን ክፍተት በፍልጥ ድፈኑት።

ጣሳው

«ውሻ በበላበት ይጮኻል» ይባላል። እውነት ነው። በሚበላበትም ይጣላል፤ ይህንን ደግሞ እንረሳዋለን። በብዙ ግቢ ውሻ የሚበላው በቀን አንዴ ነው፤ ያውም የተረፈ ካለ። እንዲህ ላለ ውሻ ጣሳው ሕይወቱ ነው። በአንድ ጣሳ ሁለት አፍ ስታስገቡ ያን ቀን ማን እንደሚራብ እያወዳደራችኋቸው ነው። ከበዓል በኋላ አጥንት ሲጣልላቸው ደግሞ ይብሳል።

መፍትሔው ቀላል ነው። ሁለት ዕቃ፣ ሁለት ቦታ፣ በመካከላቸው ግድግዳ። አሮጌውን ከቤቱ በስተጀርባ አብሉት፣ ቡችላውን ጋጣው ውስጥ። መጀመሪያ አሮጌው ይብላ። ሁለቱም ሲጨርሱ ባዶውን ዕቃ አንሱ፤ ባዶ ጣሳም ያጣላል። ቡችላ ሆዱ ትንሽ ስለሆነ እስከ አራት ወሩ ድረስ በቀን ሦስት አራት ጊዜ ጥቂት ጥቂት ይፈልጋል። እሱ አራቴ ሲበላ አሮጌው እያየ አንዴ ብቻ እንዳይበላ አድርጉ። ቢያንስ የሱን ድርሻ ለሁለት ከፍላችሁ ጠዋትና ማታ ስጡት።

እንግዲህ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ እንሂድ

አንድ ግቢ እናስብ። ወራሚት ወይም ዘንዘልማ አካባቢ ያለ ግቢ ይሁን። ሰባት ዓመት የሆነው ወንድ ውሻ አለ፣ ቀን ይታሰራል፣ ማታ ይፈታል። ሁለት ወር የሞላት ሴት ቡችላ ሊመጣ ነው። ሴት ያልኩት በምክንያት ነው። ወንድና ሴት ሲሆኑ፣ ሁለት ወንድ ወይም ሁለት ሴት ከሚሆኑት ይልቅ ጠባቸው ያነሰ ነው። በእርግጥ ስታድግ ትወልዳለችና እሱንም አስቡበት።

ቡችላዋ ከመምጣቷ ከአንድ ወር በፊት፣ አሮጌው የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት መውሰዱን አረጋግጡ። ወር ያልኩት ክትባቱ ጥበቃ እስኪሰጥ ሳምንታት ስለሚፈጅ ነው። ቡችላዋ የምትከተበው ሦስት ወር ሲሞላት ነው፤ እስከዚያ ድረስ ባዶዋን ናት። ስለዚህ የምትወስዱበትን ቤት እዩ። እናቲቱ ጤነኛ ናት? በቅርብ ባልታወቀ ውሻ ተነክሳለች? ተነክሳ ከሆነ ቡችላ አትውሰዱ።

ከመምጣቷ ሁለት ሦስት ቀን በፊት፣ ቡችላዋ የተኛችበትን ጨርቅ አምጥታችሁ አሮጌው በሚያልፍበት ቦታ ጣሉት። አሽትቶ ይሂድ። የሱንም ጆንያ ወደዚያ ውሰዱ። ውሻ ከዓይኑ ይልቅ በአፍንጫው ነው የሚተዋወቀው።

የመጣችበት ቀን፣ መጀመሪያ የሚገናኙት በር ላይ አይሁን፣ ግቢ ውስጥም አይሁን። ግቢው የሱ ነው፤ ሊጠብቀው ነው ያሳደጋችሁት። ታዲያ በር ላይ እንግዳ ሲያይ ቢነሳ ምን ይገርማል? ከግቢው ራቅ ያለ፣ እህሉ የተነሳለት ባዶ ማሳ ምረጡ፤ የመንደሩ ውሾች የሚሰበሰቡበት ግን አይሁን። ሁለት ሰው ያስፈልጋል። አንዱ አሮጌውን በላላ ገመድ ይያዝ። ገመዱን አትወጥሩ፤ የተወጠረ ገመድ ውሻን ያስቆጣል። ሌላው ቡችላዋን ይያዝ። አሥራ አምስት እርምጃ ያህል ተራርቃችሁ ወደ አንድ አቅጣጫ ተራመዱ። ፊት ለፊት አታምጧቸው። አሮጌው አይቷት መሬት ማሽተቱን ከቀጠለ፣ ቀስ እያላችሁ ተቀራረቡ። ከደረቀና ዓይኑን ከተከለባት ራቁ፣ እንደገና ጀምሩ።

ሲቀራረቡ ከኋላዋ ያሽትታት። በልባችሁ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ቁጠሩና ጠርታችሁ አሳልፉት። ትንሽ ሄዳችሁ ድገሙት። ሦስት አራት ጊዜ ሲሆን በቂ ነው። ከዚያ አብራችሁ ወደ ቤት ተመለሱ። ከመግባታችሁ በፊት ግቢው ውስጥ ያለው አጥንትና ጣሳ ተነስቶ ይቆይ። ግቢው ሲደርሱ ቡችላዋ ወደ ጋጣዋ ትግባ፤ በፍልጡ መሐል ይተያዩ፣ ይሸታተቱ።

ከዚያ በኋላ ባሉት ሁለት ሳምንታት በቀን ሦስት ወይም አራት ጊዜ፣ ከአምስት እስከ አሥር ደቂቃ፣ ሰው ባለበት አገናኟቸው። አሮጌው በዚያ ሰዓት ይፈታ፤ መሄድ ይቻለው። እርስ በርስ ሳይታገሉ ሳለ ጨርሱት። ቡችላ አብዛኛውን ቀን መተኛት አለበት፤ የደከመ ቡችላ እንደ ደከመ ሕፃን ይነጫነጫል፣ ይናከሳል። ሌሊት ቡችላዋ ጋጣ ውስጥ ተዘግቶባት ትደር። ይህ ከአሮጌው ብቻ አይደለም፤ ጅብም ቡችላ ይወስዳል። አሮጌው ተፈትቶ ሥራውን ይሥራ።

መቼ ነው ብቻቸውን የምትተዉአቸው? ቡችላዋ ስታጉረመርምባት የምትመለስ ሲሆን፣ አሮጌው እሷ አጠገቡ ሳለች ተጋድሞ የሚተኛ ሲሆን፣ ፊት እግሩን ዘርግቶ ቂጡን አንስቶ ለጨዋታ ሲጠራት ስታዩ። አንዳንዱ በአምስት ቀን ይደርሳል፣ አንዳንዱ ወር ይፈጃል። ሁለት ሳምንቱ ዝቅተኛው እንጂ ማብቂያው አይደለም። ቡችላዋ አምስት ስድስት ወር ሲሆናት ደግሞ ተመልከቷቸው፤ አሮጌው ለሕፃን የሚሰጠውን ትዕግሥት ያኔ ይቀንሳል።

ካልሆነስ?

ሁሉም ውሻ ቡችላ ይቀበላል አልልም። ከዚህ በፊት ቡችላ የገደለ ውሻ ካላችሁ፣ አታምጡ። ጨዋ የነበረ ውሻ ድንገት የማይነካ ከሆነ ደግሞ መጀመሪያ ሕመም ፈልጉ። ጆሮው ውስጥ መዥገር አለ? ጥርሱ ተሰብሯል? ሲነሳ ወገቡን ያመዋል? የሚያመው ውሻ ቡችላ ሲዘልበት ይነክሳል። የእንስሳት ጤና ባለሙያ አሳዩት። አሮጌው ምግብ ከተወ፣ ቡችላዋን እየተከታተለ የሚያስጨንቃት ከሆነ፣ ወይም ጥርሱ ሥጋዋን ከበሳ ለዩአቸውና ለቡችላዋ ሌላ ቤት ፈልጉ። ማፈሪያ አይደለም።

ከተናከሱ እጃችሁን መሐላቸው አታስገቡ። አንድ ባልዲ ውኃ ድፉባቸው፣ ወይም ሳንቃ፣ ሰፌድ፣ ያገኛችሁትን በመካከላቸው ሸጉጡ። ልጆችን አርቁ። ሰው ከተነከሰ፣ ጭረት እንኳ ቢሆን፣ ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውኃ ለ15 ደቂቃ እጠቡ። ከዚያ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ሂዱ። «የራሳችን ውሻ ነው» ብላችሁ አትዘግዩ። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ አንዴ ከታየ አያድንም ማለት ይቻላል፤ ቀድሞ ከተሄደ ግን ይከለከላል።

ለሚቃወሙኝ

«ቡችላ ተናክሶ ካላደገ ደፋር አይሆንም» የሚሉኝ አሉ። አይ ወገን! በመጀመሪያዎቹ ወራት የተቀጠቀጠ ቡችላ ፈሪ ነው የሚሆነው። ፈሪ ውሻ ደግሞ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ጅቡን ሲሰማ ከጎተራ ሥር ይገባል። ሌላው የጎረቤት ልጅ ሲያይ ፈርቶ ይነክሳል። ሁለቱም አይጠቅሟችሁም። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» የሚባለው እንዲህ ላለው ነው። ደፋር ጠባቂ የሚወጣው አሮጌውን ከኋላ ከኋላ እየተከተለ፣ እሱ ሲጮኽ እየጮኸ፣ እሱ ለቤተ ዘመድ ዝም ሲል ዝም እያለ ያደገ ቡችላ ነው። አሮጌው ማሳውን፣ የጉማሬውን መውጫ፣ ቤተሰቡን ያውቃል። ይህንን እናንተ ልታስተምሩት አትችሉም፤ እሱ ግን ይችላል፤ ካልጣላችኋቸው።

«ይህን ሁሉ ለውሻ ጊዜ የለንም» ለምትሉም፦ በቀን አራት ጊዜ አሥር ደቂቃ፣ ለሁለት ሳምንት ነው። ያንን ቆጥባችሁ ቡችላው ቢሞት ወይም አሮጌው ተደብድቦ ቢበላሽ፣ እሸት በደረሰበት ወር ማሳ የምታድሩት እናንተ ናችሁ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይሄ ነው።

ስለዚህ ቡችላ ልታመጡ ካሰባችሁ ዛሬ ማታ ከሁለት ነገር ጀምሩ። አሮጌው መቼ እንደተከተበ አስታውሱ፤ ካላስታወሳችሁ አልተከተበም ብላችሁ ቁጠሩትና ወደ እንስሳት ጤና ክሊኒክ ውሰዱት። ጋጣውን ደግሞ እዩት፤ የታችኛው ክፍተት እጃችሁን በጡጫ የሚያስገባ ከሆነ ቡችላም ያሾልካልና ድፈኑት።